ያገለገለ ሮሌክስ ከሱቅ ወይስ ከሰው? 1,377 ዶላሩ የት እንደሚገባ

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ጸደይ ደወለልኝ። አባቱ ጡረታ ሊወጡ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ በገዛ እጁ ሰዓት ሊያስርላቸው ፈልጓል። ሰዓቱንም መርጦ ጨርሷል፦ ሮሌክስ ዴትጀስት፣ የሞዴል ቁጥሩ 16234፣ ሰማያዊ ፊት፣ 36 ሚሊሜትር። ሜሪላንድ ያለ ያገለገሉ ሰዓቶች የሚሸጥ ሱቅ 5,450 ዶላር ብሎታል። አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሐበሻ ደግሞ «ተመሳሳዩን» በ4,400 እሸጥልሃለሁ ብለውታል። «ይሄማ ምን ያስጠይቃል፣ ሺህ ዶላር በነፃ!» አለኝ።

ያስጠይቃል። ያ ሺህ ዶላር በነፃ የመጣ አይደለም። ሱቁ ሠርቶላችኋል የሚባል ሥራ ዋጋ ነው። ሱቁ በርግጥ ሠርቶት ከሆነ ዋጋው ተገቢ ነው። ካልሠራው ግን ከሰው የገዛውን ሰዓት አጥቦ መስታወት ውስጥ ያስቀመጠ ደላላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው ልዩነቱን ቆራርጦ እያንዳንዱ ዶላር የት እንደሚገባ ማየት ነው። እኛ ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ ሁለቱ ሰዓቶች እውነት አንድ ናቸው?

የሞዴሉ ቁጥር አንድ መሆኑ ብቻውን ብዙ አይናገርም። 16234 ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ሞዴል ነው። በመሐል ትንንሽ ነገሮች ተቀይረዋል። በቀላሉ የሚለየው የሰዓቱ ፊት ግርጌ፣ 6 ሰዓት ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። እስከ 1997 አካባቢ «ስዊስ» ወይም «ስዊስ ሜድ» ከሚለው ጽሑፍ ግራና ቀኝ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንድ የ«ቲ» ፊደል አለ። ትሪቲየም የሚባል በራሱ የሚያበራ ቀለም አለበት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ተቀይሮ ለአጭር ጊዜ «ስዊስ» ብቻ ተጻፈ፣ ቀጥሎ «ስዊስ ሜድ» ሆነ።

የሱቁ ሰዓት «ስዊስ ሜድ» ይላል፣ የ2001 ነው። የጡረተኛው ሻጭ፣ የጋሼ፣ ሰዓት ሁለቱ «ቲ» አሉት፣ የ1995 ነው። የስድስት ዓመት ልዩነት አለ፣ ዋጋውም ትንሽ ይለያያል። ገና ከጅምሩ ልዩነቱ ሁሉ «የሱቅ ትርፍ» አይደለም ማለት ነው።

ጋሼን ስልክ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፦ መብራት አጥፍተው ሰዓቱ ያበራ እንደሆነ እንዲያዩልኝ። የትሪቲየም ጉልበት በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የሠላሳ ዓመት ሰዓት በጨለማ ሞቶ መገኘት አለበት። ነጥቦቹ ሞተው ጠቋሚዎቹ ግን ቦግ ብለው ከቆዩ፣ ጠቋሚዎቹ ተቀይረዋል። ሁለቱም ቦግ ካሉ ደግሞ ፊቱ እንደገና ተቀብቷል ወይም ጽሑፉ ራሱ ውሸት ነው። ጋሼ «ኧረ ምንም አይታይም፣ ተበላሽቷል እንዴ?» አሉ ደንግጠው። የምንፈልገው መልስ ይሄ ነበር። ይህን ፈተና ለሱቅም ለግለሰብም መጠቀም ትችላላችሁ፣ ሳንቲም አያስወጣም።

ቀጥሎ፦ የሱቁን እውነተኛ ዋጋ አውጡ

ሱቅ የሚለጥፈው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም፣ በሁለቱም አቅጣጫ። ሜሪላንድ ላይ 6% የሽያጭ ታክስ ይጨመራል፣ 327 ዶላር። ስለዚህ 5,450 የሚለው 5,777 ሆነ። ከጋሼ 4,400 ጋር ያለው ልዩነት 1,377 ነው። (ግለሰብ ታክስ አይሰበስብም። ከግለሰብ ገዝታችሁ ራሳችሁ የምትከፍሉት ነገር መኖር አለመኖሩ ግን በየስቴቱ ይለያያል፣ የስቴታችሁን ሕግ እዩ።)

በባንክ ብታስተላልፉልኝ ይቀንሳል ወይ ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። ሱቁ «5,200 እናድርግላችሁ» አለ። ከነታክሱ 5,512። በካርድ ከመክፈል 265 ዶላር ያተርፋል። ግን ወጥመድ አለው፦ በክሬዲት ካርድ ስትከፍሉ፣ የተቀበላችሁት ሰዓት የተባለው ካልሆነ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ ጋር ክርክር መክፈት ትችላላችሁ። ባንክ ያስተላለፈው ገንዘብ ግን ሄዷል። በዓይኔ አይቼ፣ ሰዓት ሠሪ አሳይቼ ከሆነ ባንኩን እመርጣለሁ። በኦንላይን ከማላውቀው ሱቅ ከሆነ ግን 265ቱን ከፍዬ በካርድ።

ከዚያ ሱቁን እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ፣ መልሱንም በኢሜይል ተቀበሉ። ሰርቪስ የተደረገው መቼ ነው፣ በማን፣ ምን ተቀየረ? «ቼክ ተደርጓል» የሚል መልስ ሰርቪስ አይደለም። ሰርቪስ ማለት ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ተስተካክሎ ሲገጠም ነው፣ ወረቀትም አለው። ሰዓቱ የራሳቸው ነው ወይስ የሌላ ሰው ሆኖ በኮሚሽን የሚሸጡት? የሌላ ሰው ከሆነ ብዙ ጊዜ ውስጡን ከፍተው እንኳ አላዩትም፣ የሚከራከሩበትም ዋጋ ጠባብ ነው። ዋስትናው ምን ይሸፍናል? «የ1 ዓመት ዋስትና» የሚለው ባማረ ፊደል ይጻፋል። ውስጡ ሲነበብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን ብቻ ነው፣ ውኃ መግባትን አይጨምርም። የመመለሻው ቀን ስንት ነው? ሲመለስስ ገንዘብ ነው ወይስ ሌላ ሰዓት የመምረጥ መብት ብቻ?

የኛ ሱቅ የ2023 የሰርቪስ ወረቀት አሳየ። የ7 ቀን መመለሻ በገንዘብ፣ የ1 ዓመት የማሽን ዋስትና። ጥሩ ሱቅ ነው። መልሱ ሲንተባተብ ያየሁባቸውም ሱቆች አሉ፣ እነሱ ጋ የምትከፍሉት ለመብራቱና ለወንበሩ ነው።

በነገራችን ላይ ሮሌክስ ራሱ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በተፈቀደላቸው ሱቆች ያገለገሉ ሰዓቶችን በራሱ የ2 ዓመት ዋስትና ማሸጥ ጀምሯል። ዋጋው ከተራ ሱቅ ከፍ ይላል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጥቅም አላችሁ፦ ነጋዴ የሸጠላችሁ ያገለገለ ዕቃ ቢያንስ የ1 ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለው፣ በኦንላይን የገዛችሁትንም በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ትችላላችሁ። ከግለሰብ ስትገዙ ሁለቱም የሉም።

አሁን ግለሰቡ፦ ይሉኝታ ዋጋ አለው

ሻጩ ሐበሻ ሲሆን ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል። ጋሼ ቤታቸው ጠሩን። ቡና ፈላ፣ ቆሎ ቀረበ። የታክሲ ሥራ ላይ እያሉ በ1995 አዲሱን ከሱቅ እንደገዙት፣ ከዚያ ወዲህ ከእጃቸው እንዳልወጣ አጫወቱን። እንዲህ ባለ ሰው ፊት «ጀርባው ይከፈትልኝ» ማለት ስድብ ይመስላል። የአክስቴ ልጅ በዓይኑ «ተው» አለኝ።

እኔ ግን አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ደግ ሰው ሰዓት ገዝቼ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ሳላስከፍት፣ ውስጡ ዝጎ አገኘሁት። ሰውየው አልዋሸም፣ አያውቅም ነበር። ብዙ ሰው ከግለሰብ ሲገዛ የሚፈራው አጭበርባሪን ነው። ታማኝ ሰውም ግን የሰዓቱን ውስጥ አያውቅም። ስለዚህ ጥያቄው በሰው ላይ ሳይሆን በሰዓቱ ላይ እንዲሆን አድርጉት። እኔ ያልኩት እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ ሰዓቱ የሚሄደው አዲስ አበባ ነው። እዚያ ቢበላሽ መልሶ መላክ ጣጣ ነው። እርስዎም ባሉበት ሰዓት ሠሪ ይየው፣ ክፍያው በእኛ ነው።» ወዲያው እሺ አሉ። እሺ የማይል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቡናውን አመስግናችሁ ውጡ።

እቤት እያላችሁ ግን በእጃችሁ የምታዩት ነገር አለ። ማሰሪያውን ያዙ። ጁቢሊ የሚባለው ባለ አምስት ረድፍ ሰንሰለት ነው። ሰዓቱን በጎኑ አድርጋችሁ ቀፎውን በአግድም ያዙትና ማሰሪያውን ልቀቁት። ያልተበላ ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ትንሽ ብቻ ያጎነብሳል። የተበላው እንደ ርጥብ ገመድ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የጋሼ ተንጠለጠለ። ሠላሳ ዓመት ታክሲ መሪ ላይ ያለ እጅ ነው፣ አይገርምም። የሚያጠብቁ ባለሙያዎች አሉ፣ እኛን የጠየቁን 280 ዶላር ነው።

ከዚያ በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን የተሸነሸነ ቀለበት እዩ። የ16234 ቀለበት ባለ 18 ካራት ነጭ ወርቅ ነው፣ ከብረት ይለሰልሳል። ሽንሽኑ በጥፍር ሲነካ ሹል ከሆነ ብዙ ፖሊሽ አልተደረገም። የተድበለበለ ከሆነ አንድ ሰው ደጋግሞ አብሶታል፣ ያ ወርቅ ተመልሶ አይመጣም። የሚያብረቀርቅ ሰዓት ሲያዩ ብዙዎች ይደሰታሉ። እኔ እጠራጠራለሁ። የጋሼው ተቧጭሮ ነበር፣ ሽንሽኑ ግን ስለታም። የሱቁ ሰዓት ደግሞ አብረቅራቂ፣ ሽንሽኑ ትንሽ የደነዘዘ።

ሳጥን? ሳጥን ብቻውን ይሸጣል፣ ምንም አያረጋግጥም። የዋስትና ወረቀት ግን ሴሪያል ቁጥር አለው። ጋሼ ሳጥኑን ልጆች ሰብረውባቸዋል፣ ወረቀቱን ግን ከፓስፖርታቸው ጋር አስቀምጠውታል።

ሰዓት ሠሪው ጋ

80 ዶላር ከፈልን። የምትሄዱበት ሰዓት ሠሪ ሻጩ የመረጠው እንዳይሆን።

መጀመሪያ ማሰሪያውን አወለቀ። በ16234 ዘመን ሞዴሎች ሴሪያል ቁጥሩ ከማሰሪያው ሥር፣ በ6 ሰዓት በኩል ባሉት ሁለት ቀንዶች መሐል ተቀርጿል። የሞዴሉ ቁጥር ደግሞ በ12 ሰዓት በኩል። ከወረቀቱ ጋር አስተያየነው፣ ገጠመ። እዚህ ጋ አንድ ነገር አስታውሱ፦ አሜሪካ ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ በቅንነት ብትገዙትም የእናንተ አይሆንም። ባለቤቱ ከመጣ ይወስደዋል። ሱቅ ከሆነ ገንዘባችሁን ልትጠይቁ ትመለሳላችሁ፣ ግለሰብ ግን ስልኩን ሊያጠፋ ይችላል። ሻጩን የማታውቁት ከሆነ ቁጥሩን ለንደን ባለው ዎች ሬጅስተር በተባለው የተሰረቁ ሰዓቶች መዝገብ በክፍያ ማስፈተሽ ይቻላል። የጋሼው ከመጀመሪያው ደረሰኝ ጀምሮ አንድ ባለቤት ብቻ ስላለው አለፍነው።

ከዚያ ጀርባውን ከፈተ። ውስጡ ያለው ማሽን 3135 ይባላል፣ ጠንካራ ነው፣ ሰዓት ሠሪዎች ይወዱታል። የታወቀ ድካሙ አንድ ነው። በክንድ እንቅስቃሴ እየዞረ የሚሞላው ግማሽ ክብ ብረት፣ ሮተሩ፣ የሚዞርበት ዘንግ ዘይት ሲያልቅ ይበላል። ሲበላ ሮተሩ ይወርድና ሥሩ ያለውን ብረት ይፍቃል። ሰዓት ሠሪው በማጉያው የክብ ጭረት ፈለገ። ቀጭን ጅምር ነበረው፣ ገና ነው አለ። የክዳኑ ጥርስ ላይ ዝገት የለም። ዝገት ካለ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፣ ያኔ ዋጋ መደራደር ሳይሆን መተው ነው።

በመጨረሻ ሞልቶ ታይምግራፈር ላይ አስቀመጠው። የማሽኑን ምት በማይክሮፎን የሚሰማ ሳጥን ነው። ብዙ ሰው በቀን ስንት ሰከንድ ይቀድማል የሚለውን ብቻ ያያል። ያ በቀላሉ ይስተካከላል። ዋናው አምፕሊቱድ ነው፦ ሚዛን የሚባለው ትንሽ መንኮራኩር ወዲያና ወዲህ ምን ያህል ዲግሪ እንደሚወዛወዝ። ይህ ማሽን ሙሉ ተሞልቶ፣ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከ270 በላይ ቢሆን ደስ ይላል። መሣሪያው ለዚህ ማሽን 52 ዲግሪ በሚለው ማስተካከያ ላይ መሆኑን እዩ፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ያሳስታል። የጋሼ ሰዓት በቀን 4 ሰከንድ ብቻ ነው የሚቀድመው፣ ጋሼ በኩራት ፈገግ አሉ። አምፕሊቱዱ ግን 205። ዘይቱ ደርቋል። ይሠራል፣ ግን ብረት በብረት እየተፋተገ ነው የሚሠራው። ሰርቪስ 750 ዶላር፣ ሰባት ሳምንት ይወስዳል አለ።

ሂሳቡ

ልዩነቱ 1,377 ነበር። ፍተሻ 80፣ ሰርቪስ 750፣ ማሰሪያ 280። ተደምሮ 1,110። የቀረው 267 ዶላር ነው። ለዚያ 267 ብላችሁ ዋስትናውን፣ መመለሻውንና ካርዱን ትተዋላችሁ ማለት ነው። «ሺህ ዶላር በነፃ» የተባለው ይኸው ነው።

ጋሼ ግን ቁጥሩን በዓይናቸው አይተዋል። እኛ ሳንጠይቅ «እንግዲህ 4,000 ይሁን» አሉ። የፍተሻው ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ ክርክሩን ከእናንተ አፍ አውጥቶ ለማሽን ይሰጠዋል። አሁን ሁሉም ተደምሮ 5,110 ሆነ፣ ሱቁ በባንክ ከሚለው 5,512 ጋር 402 ይለያያል፣ በካርድ ከሆነ 667።

እኔ የምሠራበት መስፈርት ግምት ነው፦ ጥገናው ሁሉ ተቀንሶ የሚቀረው ልዩነት ከሱቁ ዋጋ ከአንድ አስረኛ በታች ከሆነ ወደ ሱቁ አዘነብላለሁ። ያችን ገንዘብ አንድ ያልታየ ብልሽት ይበላታል። የሻጩ ታሪክ እንደ ጋሼ ንጹሕ ከሆነ ግን መስፈርቱን አላላለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ባለቤት ያለው፣ ብዙ ፖሊሽ ያልነካው ሰዓት ሱቅ ውስጥ ለማግኘት ይከብዳል።

የአክስቴን ልጅ ያስወሰነው ግን ዶላሩ አይደለም። በረራው በአራት ሳምንት ነው፣ ሰርቪሱ ሰባት ሳምንት። 205 የሚመታ ሰዓት አባቱ እጅ ላይ አስሮ መምጣት አልፈለገም። ከሱቁ ገዛ፣ በካርድ፣ 5,777።

የሱቅ ሰዓትም ይፈተሻል። የመመለሻው ሰባት ቀን የተሰጣችሁ ለዚያ ነው፣ እጃችሁ ላይ አስራችሁ ፎቶ ለመነሳት አይደለም። በማግስቱ እዚያው ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድነው። አምፕሊቱድ 285፣ በጣም ጥሩ። የውኃ ግፊት ፈተና ግን ወደቀ፤ የመሙያው ጎማ ደክሟል። ይህ በዋስትናው ውስጥ ባይኖርም፣ የመመለሻ ጊዜው ስላላለፈ ሱቁ ሳይከራከር በሁለት ቀን ቀይሮ ሰጠን። ስምንተኛው ቀን ላይ ብንሄድ ምን እንደሚሉን መገመት ትችላላችሁ።

የጋሼን ሰዓት ደግሞ እኔ ገዛሁት። እኔ በረራ የለብኝም።

አከፋፈሉን ልንገራችሁና ልጨርስ። ሳናይ ቀብድ አልሰጠንም። በዜል ወይም በፔይፓል የወዳጅ መላኪያ ለማያውቁት ሰው መክፈል ገንዘብ መንገድ ላይ እንደ መጣል ነው፣ መመለሻ የለውም። የጋሼ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ተገናኘን። እዚያው ገንዘቡ ሒሳባቸው ውስጥ ሲገባ አዩ፣ ሰዓቱን አወለቁ። አንድ ገጽ የሽያጭ ወረቀት ይዤ ሄጄ ነበር፦ የሁለታችን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ሞዴል፣ ሴሪያል፣ ዋጋ፣ ቀን፣ «ሰዓቱ የእኔ ነው፣ ዕዳ የለበትም» የሚል አንድ መስመር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሴሪያሉን ቁጥር በቁጥር አመሳከሩ፣ ፈረሙ። ከፊርማው ሥር ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው በእጃቸው ጨመሩበት፦ «ከ1995 ጀምሮ ከእጄ አልተለየም።» ወረቀቱን ከሰርቪሱ ደረሰኝ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ማሰሪያውን ግን አላስጠበቅኩትም፣ እንደተንጠለጠለ ነው።